በፎቶ ከመጣ የዳሰሳ ውጤት የሁለት ድርሻዎችን ልዩነት መገመት፦ የመተማመኛ ክልሉ ውስጥ ዜሮ ሲገባ

ፎቶው የደረሰኝ በስልክ ነው። የአንድ ትልቅ ድርጅት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ያሳያል። ወረቀቱ ትንሽ ተንጋዷል፤ ላዩ ላይ የመብራት ነጸብራቅ አርፎበታል። ከሥሩ የባልደረባዬ ጽሑፍ ነበር፦ «የቀን ፈረቃ ሠራተኞች ከሌሊቶቹ በ11 ነጥብ በልጠው ለውጡን ደግፈዋል። የመተማመኛ ክልሉንም ሠርቼዋለሁ፤ ዜሮ አልገባበትም። ልዩነቱ ተረጋግጧል ብዬ ሪፖርቱ ላይ ልጻፍ?»

ቆይ አልኩት። ስሌቱን አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው አንዲት አኃዝ ሲያነብ ነው። የመተማመኛ ክልል ከናሙናው ተነስተን እውነተኛው ልዩነት ይገኝበታል ብለን የምንገምተው የቁጥሮች ወሰን ነው፤ ያቺ አኃዝ ደግሞ ዜሮን ከክልሉ ውስጥ ወደ ውጭ አስወጥታዋለች። ከዚህ በታች ያንን ፎቶ እንደ ምሳሌ ይዤ ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሳያለሁ።

መጀመሪያ ፎቶውን ማንበብ

ጥያቄው «የፈረቃ መግቢያ ሰዓት ይለወጥ ወይስ አይለወጥ?» የሚል ነው። ድርጅቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች አሉት፤ ከየፈረቃው በዕጣ የተመረጡ ሰዎች ተጠይቀዋል። በፎቶው ላይ የሚነበበው ይህ ነው፤ የጥያቄ ምልክቱ ነጸብራቁ ያረፈበት ቦታ ነው።

```
ፈረቃ    ይለወጥ   አይለወጥ   ድምር
ቀን      9?       64        160
ሌሊት    70       70        140
```

ባልደረባዬ የተሸፈነችውን አኃዝ 8 ብሎ አንብቧታል። ፎቶውን አጉልቼ ሳየው እኔም 8 መሰለችኝ። በፎቶ ላይ 6 እና 8፣ 3 እና 8፣ 1 እና 7 በቀላሉ ይምታታሉ፤ ስለዚህ ዓይን ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይገባም። ዳኛው የሠንጠረዡ የራሱ ድምር ነው። 98 እና 64 ሲደመሩ 162 ይሆናሉ፤ ወረቀቱ ግን 160 ይላል። 160 ላይ 64 ሲቀነስ 96 ይቀራል። ስለዚህ የተሸፈነችው አኃዝ 6 ናት። የሌሊቱ ረድፍ 70 ከ70 ጋር ተደምሮ 140 ስለሚሆን ችግር የለበትም።

ይህንን ማጣራት ምንም ዓይነት ስሌት ከመጀመራችሁ በፊት በእያንዳንዱ ረድፍ አድርጉት። ረድፉ የማይደመር ከሆነ ምክንያቱ ሁልጊዜ የንባብ ስህተት አይደለም፤ መልስ ያልሰጡ ሰዎች በድምሩ ውስጥ ተቆጥረው ሊሆን ይችላል። ያኔ የምታካፍሉት ለጠቅላላው ተጠያቂ ነው ወይስ መልስ ለሰጠው ብቻ የሚለውን መወሰንና ውሳኔያችሁን መጻፍ አለባችሁ። ለሁለቱም ቡድኖች አንድ ዓይነት ውሳኔ ይሁን።

አንዳንዱ ፎቶ የሰው ቁጥር ሳይሆን መቶኛ ብቻ ያሳያል። የተጠያቂዎቹ ብዛት ከተጻፈ ወደ ኋላ ተመልሶ ቁጥሩን ማግኘት ይቻላል። ከ160 ሰዎች 60 ከመቶ ከተባለ መልሱ 96 ብቻ ነው፤ 95 ቢሆን ወደ 59፣ 97 ቢሆን ወደ 61 ይጠጋጋ ነበር። ተጠያቂዎቹ 1000 ቢሆኑ ግን ያው 60 ከመቶ ከ595 እስከ 604 ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። እንደዚያ ሲሆን ስሌቱን በሁለቱም ጫፍ ሠርታችሁ መደምደሚያው ይለወጥ እንደሆነ እዩ። የተጠያቂዎቹ ብዛት በፎቶው ላይ ከሌለ ደግሞ ስሌት የለም። ፎቶ ያነሳው ሰው ሲያነሳ ከጠርዙ የቆረጠው ብዙውን ጊዜ የድምሩን ዓምድ ነውና ሌላ ፎቶ ጠይቁ። መቶኛ ብቻውን ከ10 ሰው ይምጣ ከ10 ሺህ ሰው አይናገርም፤ የክልሉን ስፋት የሚወስነው ደግሞ ይህ ብዛት ነው።

የሚነጻጸሩት ሁለቱ ድርሻዎች የትኞቹ ናቸው?

በሠንጠረዡ ውስጥ ብዙ ጥንድ ቁጥሮች አሉ፤ ከታች ያለው ቀመር የሚሠራው ግን ለአንድ ዓይነት ጥንድ ብቻ ነው። ጥንዱ ከሁለት የተለያዩ ቡድኖች የመጣ መሆን አለበት፤ በአንዱ ቡድን ያለ ሰው በሌላው ውስጥ አይገኝም። የቀን ፈረቃ 96 ከ160 እና የሌሊት ፈረቃ 70 ከ140 እንዲህ ያለ ጥንድ ነው።

በአንዱ ረድፍ ውስጥ ያሉትን 96 «ይለወጥ» እና 64 «አይለወጥ» በዚህ ቀመር ማነጻጸር ግን ስህተት ነው። እነዚህ የአንድ ቡድን ሁለት መልሶች ናቸው፤ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው የግድ ዝቅ ይላል። ያው ሰዎች ከለውጡ በፊትና በኋላ ሁለት ጊዜ ተጠይቀው ከሆነም ቀመሩ አይሆንም፤ የአንድ ሰው ሁለት መልሶች የተያያዙ ስለሆኑ ሌላ ስሌት ይፈልጋሉ። የዳሰሳ ሠንጠረዦች እነዚህን ሁሉ ጎን ለጎን ስለሚያስቀምጡ፣ ፎቶ ብቻ የያዘ ሰው ሳያውቀው ይሳሳታል።

አንድ ተጨማሪ ነገር አጣሩ፦ የተጠየቁት ናሙና ናቸው ወይስ ሁሉም ሠራተኞች? የቀን ፈረቃው በጠቅላላ 160፣ የሌሊቱ 140 ሰው ብቻ ቢሆንና ሁሉም ቢመልሱ ኖሮ፣ ልዩነቱ በቃ 10 ነጥብ ነው። ከናሙና ወደ ሙሉው የምንገምተው ነገር ስለሌለ የመተማመኛ ክልልም አያስፈልግም።

ስሌቱ

የመጀመሪያው እርምጃ ሁለቱን ድርሻዎች ማግኘት ነው። ለቀን ፈረቃ 96 ለ160 ሲካፈል 0.60፣ ለሌሊት ፈረቃ 70 ለ140 ሲካፈል 0.50 ነው። ልዩነቱ 0.10 ሆነ፤ ይህም 10 የመቶኛ ነጥብ ማለት ነው። «10 ከመቶ በለጠ» አትበሉ። 60 ከ50 የሚበልጠው በ10 ነጥብ ነው፤ በመቶኛ ካላችሁ ግን በ20 ከመቶ ይበልጣል። ሪፖርት አንባቢዎች እዚህ ላይ በየጊዜው ይሳሳታሉ፤ ጸሐፊዎቹም እንዲሁ። እኔ ለማሳጠር «ነጥብ» እላለሁ።

ቀጥሎ የልዩነቱ መደበኛ ስህተት ይሰላል። ይህ ቁጥር ሌላ ሰው በዚያው መንገድ ሌላ ናሙና ቢወስድ ልዩነቱ በተለምዶ ምን ያህል ከፍና ዝቅ እንደሚል ይነግረናል። ለእያንዳንዱ ቡድን ድርሻውን በቀሪው ድርሻ ታባዛላችሁ፤ ከዚያም ለቡድኑ ብዛት ታካፍላላችሁ። የሁለቱን ውጤት ደምራችሁ ስኩዌር ሩት ታወጣላችሁ። የምንፈልገው የልዩነት ስህተት ሆኖ ሳለ ለምን እንደሚደመር ብዙ ሰው ይጠይቃል፤ መልሱ ሁለቱም ናሙናዎች የየራሳቸውን እርግጠኛ አለመሆን ይዘው ስለሚመጡ ነው። ድርሻዎቹ ይቀነሳሉ፣ ጥርጣሬያቸው ግን ይከማቻል።

```
0.60 × 0.40 / 160 = 0.001500
0.50 × 0.50 / 140 = 0.001786
ድምር            = 0.003286
ስኩዌር ሩት        = 0.0573
```

ለ95 ከመቶ መተማመን ይህንን በ1.96 እናባዛለን፤ 0.112 ይመጣል። ልዩነቱ ላይ ስንቀንስና ስንደምር ከ−0.012 እስከ 0.212 ያለ ክልል እናገኛለን። በነጥብ ሲነገር ከ−1.2 እስከ +21.2 ነው። ዜሮ ውስጥ ገብቷል፤ ወደ ታችኛው ጫፍ የተጠጋ ቢሆንም ገብቷል።

ኮምፒውተር አጠገባችሁ ካለ ይህች አጭር የፓይተን ኮድ ያንኑ ትሠራለች፦

```python
from math import sqrt
a, n = 96, 160
b, m = 70, 140
p, q = a/n, b/m
h = 1.96 * sqrt(p*(1-p)/n + q*(1-q)/m)
print(round(p-q-h, 4), round(p-q+h, 4))
```

የምታትመው `-0.0123 0.2123` ነው። አሁን 96 የነበረውን ወደ 98 ለውጣችሁ እንደገና አስኪዷት፤ `0.0004 0.2246` ይወጣል። የባልደረባዬ «ዜሮ አልገባበትም» የመጣው ከዚህ ነው። ከ300 ሰዎች የሁለቱን መልስ በስህተት በማንበብ ታችኛው ጫፍ ከዜሮ በታች ከነበረበት ከዜሮ በላይ ወጣ፤ የወጣውም በነጥብ ሽራፊ ነው። ጫፉ እንዲህ ለዜሮ ሲቀርብ የፎቶው ጥራት የስሌቱ አካል ይሆናል። ስለዚህ የደበዘዘ አኃዝ ካለና በድምር ማጣራት ካልተቻለ ሊሆኑ በሚችሉት ንባቦች ሁሉ አስልታችሁ ውጤቶቹን ጎን ለጎን አቅርቡ።

ምልክቱንም ልብ በሉ። ቀን ሲቀነስ ሌሊት ብለን ስለጀመርን አዎንታዊው ወገን «ቀን ይበልጣል»፣ አሉታዊው «ሌሊት ይበልጣል» ማለት ነው። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጡ ክልሉ ከ−21.2 እስከ +1.2 ይሆናል፤ ዜሮ ግን በሁለቱም ውስጥ አለ።

ዜሮ ሲገባ

ዜሮ የሚወክለው «በሁለቱ ፈረቃዎች መካከል ምንም የድጋፍ ልዩነት የለም» የሚለውን ነው። ክልሉ ውስጥ መግባቱ የሚነግረን፣ በእውነት ልዩነት ባይኖርም እንኳ እንዲህ ያለ ውጤት ማግኘት ብዙ የሚያስገርም አለመሆኑን ነው። ከዚህ ያለፈ አይልም። በተለይ «ልዩነት እንደሌለ ተረጋገጠ» አይልም።

ለምን እንደማይል ለማየት የክልሉን ሌሎች ነዋሪዎች ተመልከቱ። ዜሮ ከመረጃው ጋር እንደሚስማማ ሁሉ 5 ነጥብም፣ 10 ነጥብም፣ 20 ነጥብም ይስማማል። ዜሮ ከነዚህ ሁሉ ተለይቶ የተመረጠበት ምክንያት የለም፤ እንዲያውም የተስተዋለው ውጤት ለ10 እንጂ ለዜሮ አይቀርብም። ሥራ አስኪያጁ «ስለዚህ ሁለቱ ፈረቃዎች አንድ ዓይነት አቋም አላቸው» ብሎ ቢወስን፣ የ20 ነጥብ ልዩነት ሊኖር የሚችልበትን ሁኔታ በአንድ ቃል ሰርዟል ማለት ነው። ትክክለኛው ንባብ «ይህ ናሙና ቁርጥ ያለ መልስ ለመስጠት በቂ አይደለም» የሚለው ነው።

ይህንን ከሌላ ክልል ጋር አወዳድሩት። ከእያንዳንዱ ቡድን 5000 ሰው ተጠይቆ በአንዱ 50.5፣ በሌላው 50 ከመቶ ቢደግፍ ክልሉ በግምት ከ−1.5 እስከ +2.5 ነጥብ ይሆናል። ዜሮ እዚህም አለ። ግን ሁለቱ ክልሎች የሚናገሩት ፈጽሞ የተለያየ ነው። ሁለተኛው ጠባብ ስለሆነ ልዩነት ቢኖር እንኳ ከጥቂት ነጥብ እንደማይበልጥ ይነግረናል፤ 3 ነጥብ ለውሳኔው ምንም የማይለውጥ ከሆነ፣ ለተግባር ያህል ሁለቱ ቡድኖች እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ሰፊ ስለሆነ ከሞላ ጎደል ዝም ብሏል። ስለዚህ «ዜሮ ገባ ወይስ አልገባም?» ብላችሁ አታቁሙ፤ ሁለቱ ጫፎች የት እንዳሉና እዚያ ያለው ልዩነት ለውሳኔው ትልቅ ይሁን ትንሽ ጠይቁ።

95 የሚለው ቁጥርም ራሱ በስህተት ይተረጎማል። የስታቲስቲክስ ሊቁ ጀርዚ ኔይማን የመተማመኛ ክልልን በ1937 ሲያቀርብ መቶኛው የሚገልጸው ዘዴውን ነበር፦ በዚሁ መንገድ ናሙና እየወሰድን ደጋግመን ክልል ብንሠራ፣ ከክልሎቹ 95 ከመቶ ያህሉ እውነተኛውን ልዩነት ይይዛሉ። እጃችሁ ላይ ያለው አንዱ ክልል ከያዙት ወገን ይሁን ካልያዙት አይታወቅም።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለ። በ1.96 ፋንታ 1.645 ብታስገቡ የ90 ከመቶ ክልል ታገኛላችሁ፤ ከ+0.6 እስከ +19.4 ነጥብ ይሆናል፣ ዜሮም ይወጣል። ባልደረባዬ ይህንን ሲያይ ዓይኑ በራ። 90 ከመቶን መምረጥ በራሱ ነውር የለውም፤ ነውሩ የ95ቱን ውጤት ካዩ በኋላ መምረጥ ነው። ደረጃውን ፎቶውን ከመክፈታችሁ በፊት ወስኑ።

የሁለቱን ክልሎች መደራረብ አትመኑ

ብዙ ሰው አቋራጭ መንገድ ይወዳል። ለእያንዳንዱ ቡድን የራሱን ክልል ይሠራና ሁለቱ ከተደራረቡ «ልዩነት የለም» ይላል። ይህ ትክክል አይደለም፤ ምሳሌያችንን በእጥፍ ስናሳድገው ስህተቱ በግልጽ ይታያል።

ከቀን 192 ከ320፣ ከሌሊት 140 ከ280 ይሁን። ድርሻዎቹ ያው 60 እና 50 ከመቶ ናቸው። የቀኑ የራሱ ክልል ከ54.6 እስከ 65.4፣ የሌሊቱ ከ44.1 እስከ 55.9 ከመቶ ይሆናል። ከ54.6 እስከ 55.9 ባለው ተደራርበዋል። የልዩነቱ ክልል ግን ከ+2.1 እስከ +17.9 ነጥብ ነው፤ ዜሮ የለበትም። ምክንያቱ ከስኩዌር ሩቱ ጋር የተያያዘ ነው። ሁለቱን ክልሎች ለየብቻ ስታነጻጽሩ የሁለቱን ስህተቶች እንዳሉ እንደመደመር ነው፤ ሁለቱም ናሙናዎች በአንድ ጊዜ ወደ ተቃራኒ ጽንፍ መሳታቸው ግን እምብዛም አያጋጥምም፤ ቀመሩም ይህንን ከግምት ያስገባል። ሁለቱ ክልሎች ጨርሶ ካልተነካኩ የልዩነቱ ክልል ዜሮን አይይዝም፤ ከተደራረቡ ግን ልዩነቱን ራሱን ከማስላት ሌላ መንገድ የለም።

ይኸው ምሳሌ የናሙናን ዋጋም ያሳያል። ድርሻዎቹ ሳይለወጡ ሰዎቹ በእጥፍ ሲበዙ ክልሉ በግማሽ አልጠበበም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ22.5 ወደ 15.9 ነጥብ ወረደ። በግማሽ ለማጥበብ አራት እጥፍ ሰው ያስፈልጋል። እነዚህ ድርሻዎች እንዳሉ ሆነው ልዩነቱን በ5 ነጥብ ወዲያና ወዲህ ለማወቅ ከእያንዳንዱ ቡድን ወደ 753 ሰው መጠየቅ ይኖርብናል።

ቁጥሩ ሲያንስ

ከላይ ያለው ቀመር በእያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ 10 ያህል «ይለወጥ» እና 10 ያህል «አይለወጥ» ሲኖር ይታመናል። ከዚያ ሲያንስ ክልሉ ከሚገባው በላይ ይጠባል። ከ12 ሰው አንድም ባይደግፍ ድርሻው ዜሮ ይሆናል፤ በቀመሩ ውስጥም የዚያ ቡድን ስህተት ዜሮ ይመጣል፤ 12 ሰው ጠይቀን ፍጹም እርግጠኞች እንደሆንን ያህል። ለዚህ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ አግሬስቲና ካፎ በ2000 ያቀረቡት ማስተካከያ በእጅ ለመሥራት ቀላል ነው፦ በእያንዳንዱ ቡድን ላይ አንድ ደጋፊና አንድ ተቃዋሚ ጨምሩ፤ ከዚያ በዚያው ቀመር ቀጥሉ። በእኛ ሠንጠረዥ 97 ከ162 እና 71 ከ142 ይሆናል፤ ክልሉም ከ−1.3 እስከ +21.0 ነጥብ። ከመጀመሪያው ብዙም አይለይም፤ ናሙናው ትልቅ ሲሆን ማስተካከያው አይጎዳም፣ ትንሽ ሲሆን ያድናል።

ሪፖርቱ ላይ የሚገባው ዐረፍተ ነገር

ባልደረባዬ በማግስቱ ሰሌዳው ዘንድ ሄዶ መብራቱን በእጁ ከልሎ ሌላ ፎቶ አነሳ። አኃዟ 6 ነበረች። «እንግዲያው ልዩነት የለም ልበል?» ሲል ጠየቀኝ፤ ከአንዱ ጽንፍ ወደ ሌላው። ሁለታችንም ተቀምጠን የጻፍነው ይህ ነበር፦

«ከቀን ፈረቃ 160 ተጠያቂዎች 96ቱ፣ ከሌሊት ፈረቃ 140 ተጠያቂዎች 70ው ለውጡን ደግፈዋል። ልዩነቱ 10 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ 95 ከመቶ የመተማመኛ ክልሉ ከ−1.2 እስከ +21.2 ነጥብ ይደርሳል። ይህ መረጃ ልዩነት የለም ከሚለውም፣ የቀን ፈረቃ ድጋፍ ከ20 ነጥብ በላይ ይበልጣል ከሚለውም ጋር ይስማማል።»

«ይህማ ምንም አላለም» አለኝ።

«መረጃው ካለው በላይ አላለም» አልኩት። ሪፖርቱ በዚያው ገባ፤ ከሥሩም ለሚቀጥለው ዙር ከየፈረቃው የሚጠየቀው ሰው ቁጥር ከፍ እንዲል የሚጠይቅ አንድ መስመር ጨመረበት።